ሰሌዳ በሌለበት ክፍል አንድን የስታቲስቲክስ ፈተና በቃል ብቻ ማስረዳት

ሴሚናር ላይ ፕሮጀክተሩ አልበራ ሲል፣ ወይም አድማጮቹ በስልክ ብቻ ሲከታተሉ፣ አብዛኞቻችን የምናደርገው አንድ ነገር ነው፦ ስላይዱን በቃላችን እናነበዋለን። እኔም አድርጌዋለሁ። የሁለት ቡድኖችን አማካይ የሚያወዳድረውን ቲ ቴስት ላስረዳ ገብቼ መሣሪያው እምቢ አለ፤ ቀመሩን ከላይ እስከ ታች በድምፅ አወረድኩት። «የመጀመሪያው አማካይ ሲቀነስ ሁለተኛው አማካይ፣ ሲካፈል ለካሬ ሥር...» እያልኩ ስሄድ ከኋላ አንዱ «ሥሩ የሚያቅፈው የትኛውን ነው?» አለኝ። መልስ ልሰጥ ጣቴን አንሥቼ አየር ላይ መሣል ጀመርኩ። ያን ዕለት አንድም ሰው ስለ ዘዴው የያዘው ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሠራሁበትን አካሄድ በአንድ ምሳሌ ላይ አሳያለሁ። ምሳሌው ፐርሙቴሽን ቴስት፣ በአማርኛ የማደባለቅ ፈተና ልንለው የምንችለው ነው። የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው፤ ያለ ቀመር በሙሉ ሊነገር ይችላል፣ ቲ ቴስት የሚጠይቀውንም ጥያቄ ይጠይቃል። ሐሳቡ የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው የሙከራ አቀራረጽ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ስለ ፒ ቫልዩ በቃል ማስረዳት ካለባችሁና የዘዴው ምርጫ በእጃችሁ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ።

1. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ፣ ከዚያም አትንኩት

ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ጥያቄ ሁልጊዜ እዚያው ነው፤ አድማጭ ሲጠፋበት ቀና ብሎ ያየዋል። በድምፅ ብቻ ሲሆን ያን ሥራ የሚሠራው ቃል በቃል የሚደጋገም ዓረፍተ ነገር ነው። የእኔ ይህ ነው፦ «ማዳበሪያው ምንም ባይሠራ ኖሮ፣ ዕጣ ብቻውን ይህን የሚያህል ልዩነት ስንት ጊዜ ያመጣ ነበር?»

ይህን መጀመሪያ ላይ፣ መሐል ላይና መልሱ ሊነገር ሲል አንድም ቃል ሳትለውጡ በሉት። ጽሑፍ ላይ ድግግሞሽ ያሰለቻልና «የአጋጣሚ ሚና»፣ «የዘፈቀደ ልዩነት» እያልን ቃል እንለዋውጣለን። በጆሮ ግን ቃሉ ሲለወጥ አድማጩ ጉዳዩም የተለወጠ ይመስለዋል።

2. ቁጥሮቹን ለጆሮ አዘጋጁ

የራሳችሁን እውነተኛ ውሂብ ይዛችሁ አትግቡ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰው ለአጭር ጊዜ በአእምሮው የሚይዘው ሰባት ያህል ነገር ነው ብሎ ነበር፤ ኔልሰን ካዋን በ2001 ቁጥሩን ወደ አራት አውርዶታል። ስለዚህ ስድስት ልኬት እንኳ ተያያዥ ካልሆነ ይፈስሳል። መፍትሔው ስድስቱን ቁጥሮች ሁለት ነገር ማድረግ ነው።

እኔ የምጠቀምባቸው እነዚህን ነው። ስድስት ችግኞች አሉ። በዕጣ ሦስቱ ማዳበሪያ አገኙ፣ ሦስቱ ውሃ ብቻ ጠጡ። ከጊዜ በኋላ ቁመታቸው በሳንቲ ሜትር ተለካ። ውሃ የጠጡት 4፣ 6 እና 8፤ ማዳበሪያ ያገኙት 7፣ 9 እና 11። አድማጩ መያዝ ያለበት «ከአራት ጀምሮ በሁለት በሁለት የሚያድጉ ሦስት ሙሉ ቁጥሮች፣ ከሰባት ጀምሮ እንዲሁ» የሚለውን ብቻ ነው። የአንዱ ቡድን ቁጥሮች ሁሉ ተጋማሽ፣ የሌላው ሁሉ ጎዶሎ ናቸው፤ እንዲህ ማድረጌ ለማስታወስ ብቻ መሆኑን ግን ተናገሩ፤ አለዚያ አንዱ ጎዶሎነቱ ምሥጢር ያለው መስሎት ይከተለዋል።

አማካዮቹም በጭንቅላት ይወጣሉ፦ 6 እና 9፣ ልዩነታቸው 3።

ስለ አማርኛ ቁጥሮች አንድ ነገር ልጨምር። ሠላሳ እና ሥልሳ በደካማ ማይክሮፎን አይለዩም። ስድስት እና ስምንትም እንዲሁ ይጋጫሉ፤ ስለዚህ 6 እና 8ን ስናገር ዝግ እላለሁ፣ ሠላሳና ሥልሳን ግን ከነጭራሹ ከምሳሌው አስወጣለሁ። «ዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት» የሚለውንም ተዉት፤ አንዲት ዜሮ ከሳተ ውጤቱ በአሥር እጥፍ ይለወጥበታል። «ከመቶ አምስት» በሉ።

3. ለቡድኖቹ የማይመሳሰሉ ስሞች ስጡ

መጀመሪያ «የተዳበሩት» እና «ያልተዳበሩት» ብዬ ነበር። በጽሑፍ ችግር የለበትም። በድምፅ ግን ሁለቱን የሚለያቸው የአንድ ፊደል ድምፅ ነው፤ ሳል ቢመጣ ሙከራው ይገለበጣል። ቡድን ሀ እና ቡድን ለ ማለትም አያዋጣም፤ አድማጩ በየጊዜው «ሀ የትኛው ነበር?» እያለ ወደ ኋላ ይመለሳል። «ማዳበሪያዎቹ» እና «ውሃዎቹ» በሏቸው። ለሰዋስው ጥብቅ የሆነ ሰው ፊቱን ቢያጨማድድም ማንን እንደምትሉ ያውቃል።

ከሁሉ የባሱት ጠቋሚ ቃላት ናቸው፦ ይህ፣ ያ፣ እሱ፣ ይኼኛው፣ ከላይ ያለው። ስላይድ ፊት ቆመን «ይህ ከዚያ ይበልጣል» ስንል ትርጉሙን የሚሸከመው ጣታችን ነው። ጣት በሌለበት ስሙን መልሳችሁ ጥሩ፤ «የማዳበሪያዎቹ አማካይ ከውሃዎቹ አማካይ ይበልጣል»።

4. አድማጩ ራሱ እንዲቆጥር አድርጉ

የማስረዳቱ ልብ እዚህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አፍስሱ። የምለውን እንዳለ ልጻፈው፤ ሦስት ነጥብ ያለበት ቦታ እውነተኛ ዝምታ ነው፣ አምስት ሰከንድ ያህል።

«ማዳበሪያው ምንም አልሠራም እንበል። እንዲያ ከሆነ ዐሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ያደገችው ችግኝ ውሃ ብቻ ብትጠጣም ዐሥራ አንድ ትደርስ ነበር። አራት የሆነችውም ማዳበሪያ ብታገኝ አራት ላይ ትቀር ነበር። ስድስቱ ቁመቶች ቀድሞ የተወሰኑ ናቸው ማለት ነው። ዕጣው ያደረገው ሦስቱ ላይ ‹ማዳበሪያ› የሚል ወረቀት መለጠፍ ብቻ ነው... ወረቀቶቹን ነቅለን እንደገና ዕጣ ብናወጣስ?»

ቀጥሎ ሥራውን የሚያቀል አንድ ነገር አለ። በየድልድሉ ሁለት አማካይ አስልቶ መቀነስ በጭንቅላት አይቻልም። ግን የስድስቱ ድምር ምንጊዜም 45 ነው። የማዳበሪያዎቹ ድምር ከታወቀ የውሃዎቹም ታወቀ፤ የመጀመሪያው ሲያድግ ልዩነቱም ያድጋል። ስለዚህ የማዳበሪያዎቹን ድምር ብቻ መከታተል ይበቃል። የእኛ ሙከራ ድምር 7፣ 9 እና 11 ሲደመሩ 27 ነው። ጥያቄው «ከስድስቱ ሦስት ስንመርጥ ድምሩ 27 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ስንት ጊዜ ነው?» ወደሚል ወረደ። ይህን ሽግግር ሳታስታውቁ አትለፉት፤ «ጥያቄያችን ያው ነው፣ የምንቆጥርበት መንገድ ቀለለ» በሉ።

በመጀመሪያ ጠቅላላው ስንት ነው? ለመጀመሪያው ወረቀት ስድስት ምርጫ፣ ለሁለተኛው አምስት፣ ለሦስተኛው አራት፤ ሲባዙ 120። ነገር ግን ሰባት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አንድ ብሎ መምረጥና ዐሥራ አንድ፣ ሰባት፣ ዘጠኝ ብሎ መምረጥ ያው ሦስት ችግኞች ናቸው። ሦስት ነገር በስድስት ቅደም ተከተል ሊጠራ ይችላልና 120 ለ6 ተካፍሎ 20 ይሆናል። «ሃያ ድልድል አለ፤ ሃያን ያዙ» በሉና ቁሙ።

አሁን ቆጠራው። ከትልቁ ጀምራችሁ ውረዱ፦

«ትልልቆቹ ሦስቱ ዐሥራ አንድ፣ ዘጠኝና ስምንት ናቸው። ድምራቸው?... ሃያ ስምንት። ይቆጠራል። ስምንትን በሰባት እንተካ። ዐሥራ አንድ፣ ዘጠኝ፣ ሰባት... ሃያ ሰባት። ይህ የራሳችን ሙከራ ነው፤ ይቆጠራል። ሰባትን በስድስት ብንተካስ? ሃያ ስድስት፤ አይቆጠርም፤ በአራት ብንተካ ከዚያም ያንሳል። እንግዲህ ዘጠኝን እናስወጣ። ዐሥራ አንድን ይዘን ያለ ዘጠኝ የምናገኘው ትልቁ ከስምንትና ከሰባት ጋር ነው፤ ሃያ ስድስት፣ አይቆጠርም። ዐሥራ አንድን ራሷን ብናስወጣ ትልቁ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት ነው፤ ሃያ አራት። አለቀ። ከሃያው ድልድል ሁለቱ ብቻ ናቸው።»

ሃያውን ሁሉ አልዘረዘርኩም። ሃያ መሥመር ያለው ሠንጠረዥ በጆሮ አይገባም፤ «ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንሳል» የሚል ምክንያት ግን ይገባል። ሰሌዳ ቢኖር ሠንጠረዡን እሠራ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የቃሉ ይሻላል፤ አድማጩ ለምን ሌላ እንደሌለ ጭምር ያውቃል።

5. መልሱን ከነቅድመ ሁኔታው ተናገሩ

ከሃያው ሁለት ማለት ከመቶ አሥር ነው፤ ፒ ቫልዩ የምንለው ይህ ነው። እዚህ ላይ አፋችን ይቸኩላል፦ «ስለዚህ ዕድሉ ከመቶ አሥር ነው»። የምኑ ዕድል? አማርኛ ቅድመ ሁኔታውን ከፊት ስለሚያስቀምጥ ዓረፍተ ነገሩን ስናሳጥር የምንጥለው እርሱን ነው። ጅራቱ ብቻ የደረሰው አድማጭ «ማዳበሪያው ያለመሥራቱ ዕድል ከመቶ አሥር ነው» ብሎ ይሞላዋል። ያ ደግሞ የተሳሳተ ነው፤ እኛ የቆጠርነው ማዳበሪያው አልሠራም ብለን ተነሥተን ነውና ቆጠራው ስለዚያ መነሻ ትክክለኛነት ዕድል ሊሰጥ አይችልም።

ስለዚህ ረዥሙን በሉት፦ «ማዳበሪያው ምንም ባይሠራ ኖሮ፣ ዕጣ ብቻውን ይህን የሚያህል ልዩነት ከሃያው ሁለት ጊዜ ያመጣ ነበር።» የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ መልስ የተለወጠው አንድ ቃል ተነሥቶ ቁጥር ሲገባበት ብቻ እንደሆነ ልብ በሉ።

ከዚህ በኋላ አንድ ንቁ ሰው «ማዳበሪያው ጎድቶ ቢሆንስ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ እዚያው አለ። ድምሩ 45 ስለሆነ ማዳበሪያዎቹ 27 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑባቸው ሁለት ድልድሎች ሲገለበጡ፣ ማዳበሪያዎቹ 18 ወይም ከዚያ በታች የሚሆኑባቸው ሌሎች ሁለት ይወጣሉ፦ 4፣ 6፣ 8 እና 4፣ 6፣ 7። በሁለቱም አቅጣጫ ከቆጠርን ከሃያው አራት፣ ማለትም ከመቶ ሃያ ነው። በየትኛው አቅጣጫ እንደምትቆጥሩ መወሰን ያለበት ቁመቱ ከመለካቱ በፊት ነው።

የዘዴውን ወሰንም በዚሁ ምሳሌ ማሳየት ይቻላል። ሦስቱ ማዳበሪያዎች ከሁሉም የበለጡ ቢሆኑ እንኳ ከሃያው አንድ፣ ማለትም ከመቶ አምስት በታች መውረድ አይቻልም፤ በሁለት አቅጣጫ ከሆነ ከመቶ አሥር። አራትና አራት ችግኝ ቢሆኑ ድልድሉ 70 ይደርሳል። ሃያና ሃያ ቢሆኑ ግን ከ137 ቢሊዮን ይበልጣልና ኮምፒውተር በዘፈቀደ ጥቂት ሺህ ድልድሎችን አውጥቶ ይገምታል። ከዚህ በላይ ቁጥር አትጨምሩ። ወረቀቱን ነቅሎ መለጠፍ የተፈቀደልን መጀመሪያም በዕጣ ስለተለጠፈ መሆኑን ግን ሳትናገሩ አትውጡ። ገበሬው ራሱ ያማሩትን መርጦ ማዳበሪያ ሰጥቷቸው ቢሆን ይህ ቆጠራ ስለ ማዳበሪያው የሚነግረን ነገር የለም።

6. ቀመር የግድ ከሆነ ከውጭ ወደ ውስጥ አንብቡት

«ኤክስ ሲደመር አንድ ሲካፈል ለሁለት» የሚለውን አንድ ሰው እንደ `(x+1)/2`፣ ሌላው እንደ `x+1/2` ይጽፈዋል። ኤክስ 3 ሲሆን አንደኛው 2፣ ሌላው ሦስት ተኩል ይሰጣል። ሁለቱም በትክክል ሰምተዋል፤ ጥፋቱ የአንባቢው ነው።

አማርኛ ለዚህ ጥሩ መሣሪያ አለው። «የኤክስና የአንድ ድምር፣ ለሁለት ሲካፈል» ብንል «ድምር» የሚለው ቃል ቅንፉን ይዘጋዋል። በሌላ በኩል «ኤክስ፣ ሲደመር ግማሽ» ነው። ሥርም እንዲሁ፦ «የኤክስና የአንድ ድምር ካሬ ሥር»። ረዘም ላለ ቀመር ደግሞ አስቀድማችሁ ቅርጹን ተናገሩ፦ «ክፍልፋይ ነው። ከላይ የአማካዮቹ ልዩነት አለ። ከታች አንድ ካሬ ሥር አለ፤ ሥሩ የታችኛውን በሙሉ ያቅፋል።» ያን ዕለት ይህችን ብናገር ኖሮ ጣቴ አየር ላይ አይቀርም ነበር።

ማየት የተሳነው ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ሌቭ ፖንትርያጊን የሒሳብ ጽሑፎችን የምታነብለት እናቱ ነበረች። ሒሳብ ስለማታውቅ ምልክቶቹን በመልካቸው ትጠራቸው ነበር፤ የስብስቦችን ጋራ ምልክት «ጭራ ወደ ታች»፣ የውሕደትን «ጭራ ወደ ላይ»። ለሁለቱ ሠርቶላቸዋል፤ ስሙ ምንም ይሁን ምን ጸንቶ ከቆየ ይሠራል። ኤም እና ኤን፣ ፒ እና ቢ በጆሮ ስለሚምታቱ ግን ከሁለቱ አንዱን ጣሉ።

7. ዘዴ ሳይሆን ማረጋገጫ ከሆነ

እዚህ የሚለየው አንድ ነገር ነው፦ ግምት የሚቆይበት ጊዜ። «እንበል» ብላችሁ የከፈታችሁትን መዝጋት አለባችሁ፤ ገጽ ላይ አንቀጹ ይዘጋዋል፣ በድምፅ ግን ሰው ግምቱ እንደጸና ይዞት ይሄዳል። «እንበል ያልነው እዚህ አበቃ» ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

የታወቀውን የዩክሊድ ማረጋገጫ ውሰዱ፤ ብቸኛ ቁጥሮች ማብቂያ የላቸውም የሚለውን። በእጃችሁ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አባዝታችሁ አንድ ስትጨምሩ ግማሹ ክፍል «አዲሱ ቁጥር ብቸኛ ነው» ብሎ ይደመድማል። ማረጋገጫው ያን አይልም፤ አዲሱን ቁጥር የሚያካፍል ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ብቸኛ ቁጥር አለ ብቻ ነው የሚለው። ስለዚህ ሳይጠይቁ ቅደሟቸው፦ ከ2 እስከ 13 ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው አንድ ሲጨመር 30031 ይሆናል፤ እርሱም 59 በ509 ሲባዛ የሚገኝ ነው። ቁጥሩን መያዝ አያስፈልጋቸውም፤ ብቸኛ እንዳልሆነና ሁለቱም አካፋዮቹ ከ13 እንደሚበልጡ መስማት ይበቃል።

8. መሐል ላይ ፈትሹ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ በስልክ ተለማመዱ

«ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ የሚያስገኘው ዝምታ ነው። መልስ ያለው ጥያቄ ጠይቁ፦ «ድምሩ ሃያ ስድስት የሆነ ድልድል አገኘሁ፤ ልቁጠረው?» አይቆጠርም የሚል ድምፅ ከመጣ ክፍሉ ከእናንተ ጋር ነው። «ሃያ ስድስት ከየት መጣ?» ካሉ የጠፋቸው ድምሩን የመከታተሉ ሽግግር ነውና ወደ 45 ተመለሱ። «የራሳችንን ሙከራስ ለምን ቆጠርነው?» ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ ደስ ይበላችሁ፤ ዕጣው ሊያወጣቸው ከሚችሉት ሃያ ድልድሎች አንዱ እርሱ ስለሆነ ነው።

ልምምዱን መስታወት ፊት አታድርጉት፤ እጃችሁ ሳታውቁት ይሠራል። ለአንድ ባልደረባ ስልክ ደውሉና ሃያውን ድልድል አስቆጥሩት፣ ከዚያም መልሶ እንዲነግራችሁ ለምኑት። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ባልደረባዬ ሁለት ሳይሆን አራት ድልድል ቆጠረ። ሁለቱን ሃያ ስድስቶችም አስገብቷቸዋል። ተናድጄ ማስታወሻዬን ሳይ «ሃያ ሰባት አካባቢ የሚደርሱትን» ብዬ ነበር ያነበብኩለት። ሰርዤ «ሃያ ሰባት ወይም ከዚያ በላይ» ብዬ ጻፍኩና እንደገና ደወልኩለት።